ራዳሩ የለካው፣ ኤአይኤስ የነገረህ

ጥያቄ፦ «ካፕቴን፣ ሰላም ነው? ከጅዳ ጅቡቲ በሚመላለስ ጭነት መርከብ ላይ የዴክ ካዴት ነኝ። ኤአይኤስ የመርከቡን ስም፣ ፍጥነት፣ ኮርስ፣ የሚሄድበትን ወደብ ሳይቀር ይነግረናል። ራዳሩ የሚያሳየው ግን ነጥብ ብቻ ነው። ሴኮንድ ኦፊሰሩ ሁልጊዜ ‹ራዳሩን እይ› ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአንድ መርከብ ምልክት በሁለቱ ላይ የተለያየ ቦታ ታየኝ። የትኛውን ነው የማምነው?»

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። ካፕቴን እንኳን አይደለሁም፣ ቺፍ ኦፊሰር ነኝ። ማዕረጉን ግን አልመልስም።

ሴኮንድህ ልክ ነው። ምክንያቱን ስላልነገረህ አትቀየመው። ዋች ላይ ቆሞ ማስተማር ቀላል አይደለም። እኔ አሁን ዕረፍት ላይ ስለሆንኩ ረጋ ብዬ ልንገርህ።

ራዳር ከማንም ምንም አይጠብቅም። አንቴናው እየዞረ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ የሆነ ነገር መትቶ ይመለሳል። ደርሶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ርቀቱን ይሰጥሃል። በዚያች ቅጽበት አንቴናው የዞረበት አቅጣጫ ደግሞ ቤሪንጉን ይሰጥሃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ያኛው መርከብ መታየት ይፈልግ አይፈልግ፣ መሣሪያው ይሥራ አይሥራ፣ ኦፊሰሩ ይንቃ ይተኛ፣ ራዳርህ ግድ የለውም።

ኤአይኤስ ሌላ ነገር ነው። ያኛው መርከብ ቦታውን ከራሱ ጂፒኤስ፣ የዞረበትን አቅጣጫ ከራሱ ጋይሮ ይወስድና በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ይለፍፋል። ትልልቆቹ በጉዞ ላይ ሲሆኑ እንደ ፍጥነታቸው በየ2 እስከ 10 ሰከንድ ይልካሉ፤ መልሕቅ ጥለው ከቆሙ በየ3 ደቂቃ። የሚሄድበትን ወደብና «መልሕቅ ላይ ነኝ» ወይም «በጉዞ ላይ ነኝ» የሚለውን ግን ሰው ነው በጣቱ የሚያስገባው። ያንተ መሣሪያ ይህን ሁሉ ተቀብሎ ካንተ ጂፒኤስ ጋር ያነጻጽርና «እንግዲያው እዚህ ጋ መሆን አለበት» ብሎ ሦስት ማዕዘኗን ስክሪን ላይ ያስቀምጥልሃል። እዚህ ላይ ልብ በል። ያቺ ሦስት ማዕዘን የተቀመጠችው በሁለት ጂፒኤስ ቃል ነው፤ በእሱና ባንተ። ራዳሩ ለክቶ ነው የሚነግርህ። ኤአይኤስ ግን ሰምቶ ነው።

ሰው በጣቱ የሚያስገባው ነገር ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። 12 ኖት እየሮጠ «መልሕቅ ላይ ነኝ» የሚል መርከብ በየወሩ አያለሁ። ከወደብ ሲወጣ መቀየር የረሳ ሰው ነው። የመድረሻ ወደቡን ጉዳይማ ተወው፣ ከሁለት ጉዞ በፊት የነበረው ተጽፎ ታገኛለህ። ጋይሮው ከኤአይኤሱ ጋር ያልተያያዘ መርከብ ደግሞ የአቅጣጫ ቁጥሩ 511 ሆኖ ይመጣል። ክብ ያለው 360 ዲግሪ ነው፤ 511 ማለት «አላውቅም» ማለት ነው። አንድ ካዴት ይህን ቁጥር አይቶ «ሰር፣ ይሄ መርከብ ተሽከርክሮ አላበቃም» ብሎኝ ያውቃል። እስካሁን እንስቃለን።

ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዝምታው ነው። ኤአይኤስ እንዲይዙ ዓለም አቀፉ ሕግ የሚያስገድደው መንገደኛ መርከቦችን፣ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ 300 ቶን እና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ እንዲሁም በአገር ውስጥ የሚጓዙ 500 ቶን እና ከዚያ በላይ የሆኑ የጭነት መርከቦችን ነው። በእናንተ መስመር ላይ የምታያቸው የእንጨት ሳምቡኮችና የፋይበር ጀልባዎች ከዚህ ውጪ ናቸው። የጦር መርከቦችም እንዲሁ። በዚያ ላይ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ቀይ ባሕር ሁቲዎች በመርከቦች ላይ የሚያደርሱት ጥቃት ሲበረታ ትልልቆቹም ጭምር ኤአይኤሳቸውን እያጠፉ ማለፍ ጀመሩ። ካፕቴኑ ለደኅንነት ያሰጋኛል ካለ ማጥፋት ይፈቀድለታል። ስለዚህ 200 ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ ያለ ስም፣ ያለ ሦስት ማዕዘን፣ ባዶ ነጥብ ሆኖ ሊመጣብህ ይችላል።

ራዳሩም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። እንጨትና ፋይበር ሞገዱን ደህና አድርገው አይመልሱትም። ባሕሩ ሲነሳ የማዕበሉ ጫፍ ራሱ ሞገዱን ይመልስና መርከባችሁ ዙሪያ እስከ ሁለትና ሦስት ማይል ድረስ ስክሪኑን በነጠብጣብ ይሞላዋል። ጀልባዋ እዚያ መሃል ትጠፋለች። ነጠብጣቡን የሚያጠፋውን SEA የሚለውን ማስተካከያ አብዝተህ ከጫንከው ማዕበሉንም ጀልባዋንም አብረህ ትጠርጋለህ። ስክሪኑ ያምራል፣ ባሕሩ ባዶ ይመስላል። አዲስ ሰው የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። የሚሻለው ማስተካከያውን ቀነስ አድርጎ ዱካውን መክፈት ነው። የማዕበል ነጠብጣብ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ብቅ ጥልቅ ይላል። ጀልባ ግን ትንሽ መስመር ትተውልሃለች።

ዝናብም አለ። ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ ራዳር ዝናብ ይጋርደዋል። ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ የተሻለ ዘልቆ ያያል፣ በጥራት ግን ያንሳል። የሚከለለውንም አትርሳ። ከፊት ለፊት ክሬን ወይም የተቆለለ ኮንቴይነር ካለ ከኋላው ያለውን ራዳሩ አያየውም። ደሴት ጀርባ ያለውንም አያይም። እዚህ ላይ ነው ኤአይኤስ የሚክሰው። የቪኤችኤፍ ሞገድ ብዙ ጊዜ ደሴቱን ዞሮ ይመጣልና ከሀኒሽ ደሴቶች ጀርባ የሚወጣውን ታንከር ራዳሩ ከማየቱ በፊት በስሙ ታውቀዋለህ። ያኛው መርከብ መሪ ሲያዞርም ኤአይኤስ ይቀድማል። ሦስት ማዕዘኗ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ከጋይሮው ስለምትመጣ ወዲያው ትዞራለች። ራዳሩ ግን አንድን ነጥብ ተከትሎ ፍጥነትና ኮርስ ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ደቂቃ ላይ ግምት ይሰጥሃል፣ የሚታመነው ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲሞላ ነው። ያኛው ከዞረ እንደ አዲስ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንቱ ነገርህ ልምጣ። ጥያቄህ ውስጥ በጣም የወደድኩት እሱን ነው።

አዲሶቹ ራዳሮች ራዳር የተከታተለውን ክብና የኤአይኤሱን ሦስት ማዕዘን አንድ መርከብ ናቸው ብለው ካመኑ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳዩት። የትኛውን? ሰው ካልቀየረው በስተቀር የኤአይኤሱን። ይህ የተለመደው አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ነጥቡን ተጭነህ ፍጥነትና CPA ስታነብ፣ ማለትም በቅርብ የምትተላለፉበትን ርቀት፣ ራዳሩ የለካው መስሎህ ሌላው ስለራሱ ያወራውን ልታነብ ትችላለህ። ዳታው ከየት እንደመጣ ስክሪኑ ዳር ላይ ተጽፏል። ከዛሬ ጀምሮ እሱን ሳታይ CPA እንዳታነብ።

ሁለቱ ተለያይተው ከታዩህ ግን ዕድለኛ ነህ፤ መሣሪያው ራሱ «አንዱ ተሳስቷል» እያለህ ነው። የቱ እንደተሳሳተ ለማወቅ አንዱን መርከብ ላይ አፍጥጠህ አትቁም። ሌሎቹን ተመልከት።

የአንዱ ብቻ ሦስት ማዕዘን ከነጥቡ ርቆ የሌሎቹ ሁሉ በየነጥባቸው ላይ ከተቀመጡ፣ ችግሩ የዚያ የአንዱ ነው። ጂፒኤሱ ወይም አገባቡ። ልዩነቱ ከመቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር ካልበለጠ ደግሞ ምናልባት ምንም ችግር የለም። ትልቅ መርከብ ላይ የጂፒኤስ አንቴናው ከኋላ ብሪጁ ላይ ነው፣ ራዳርህን የሚመልሰው ግን የትኛውም የመርከቡ ክፍል ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሦስት ማዕዘኖች ከየነጥባቸው ወደ አንድ ጎን፣ በእኩል ርቀት ከተገፉስ? ለምሳሌ ሁሉም ግማሽ ማይል ወደ ምሥራቅ። ያኔ እነሱ ሁሉ በአንድ ሌሊት አልተሳሳቱም። የተሳሳተው የእናንተ ጂፒኤስ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ጂፒኤስ መረበሽ የተለመደ ሆኗልና ይህን ሳታይ አትቀርም።

ሦስተኛው መልክ ስውር ነው። ሦስት ማዕዘኖቹ የተለያዩት በእኩል ማይል ሳይሆን በእኩል ዲግሪ ነው። ቅርብ ያለው ትንሽ፣ ሩቅ ያለው ብዙ ተለያይቷል፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ ዙር። ይህ የራሳችሁ ጋይሮ ነው። ሙሉው የራዳር ምስል ዞሯል ማለት ነው። 2 ዲግሪ ብትሳሳት 3 ማይል ላይ አይታወቅህም፣ 12 ማይል ላይ ግን ከ0.4 ማይል በላይ ይሆናል።

የራሳችሁ ጂፒኤስ ሲረበሽ አንድ ወጥመድ አለ። ራዳሩ እውነተኛ ቬክተር፣ ማለትም ያኛው መርከብ ራሱ የሚሄድበትን አቅጣጫና ፍጥነት የሚያሳየውን መስመር፣ የሚሠራው የራሳችሁን ፍጥነትና ኮርስ ጨምሮ ነው። ያ ፍጥነት ከጂፒኤስ የሚመጣ ከሆነ የሁሉም መርከብ እውነተኛ ቬክተር ይበላሻል፤ ቆሞ ያለው ሲሄድ ታየዋለህ። ያኛው ከእናንተ አንጻር እንዴት እንደሚቀርብ የሚያሳየው አንጻራዊ ቬክተርና ራዳሩ ያወጣው CPA ግን አይነኩም፤ ከናንተ የተለካ ርቀትና ቤሪንግ ብቻ ናቸውና። ስለዚህ ጂፒኤሱ ካበደ የፍጥነት ምንጩን በውሃው ውስጥ ያላችሁን ፍጥነት ወደሚለካው ሎግ ቀይረው፣ ቬክተሩን አንጻራዊ አድርገው፣ የሁለቱን ምልክት ማዋሃዱን አጥፋው። ይህን ሴኮንድህን አስፈቅደህ አድርግ፣ አለዚያ እኔን ነው የሚረግመው።

አሁን ከሌሊቶች አንዱን ልንገርህ። ከሀኒሽ ወደ ባብ ኤል-መንደብ እየወረድን ነበር። ኮርሳችን 160፣ ፍጥነታችን 14 ኖት። በመርከብ ሰዓት 02:10፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካለፈ። ከፊት ለፊት ሁለት ታንከሮች ወደ ሰሜን ይመጣሉ፣ ሁለቱም ስማቸው ተጽፎ። እኔ የእነሱን CPA እያነበብኩ ነበር፤ ሁለቱም ከ2 ማይል በላይ። ደስ ብሎኛል።

በቀኝ በኩል አንድ ደካማ ነጥብ ነበረች። አንቴናው ሦስት ዙር ሲዞር ሁለቴ ትታያለች፣ አንዴ ትጠፋለች። ስም የላትም። ቤሪንግ 195፣ ርቀት 5.0 ማይል። ራዳሩ እንዲከታተላት ያዝኳትና፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ወደ ታንከሮቹ ተመለስኩ። ስም ያለው ነገር ዓይን ይስባል።

02:16 ላይ ተመልሼ ሳያት ቤሪንጓ አሁንም 195 ነው። ርቀቷ 3.6። በ6 ደቂቃ ውስጥ 1.4 ማይል ቀርባለች። 6 ደቂቃ የሰዓት አንድ አስረኛ ስለሆነ ሒሳቡ በቃልህ ይወጣል፤ 1.4 በ10፣ በ14 ኖት እየተቀራረብን ነው። የቀረው 3.6 ማይል በዚህ ፍጥነት 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቤሪንጉ ካልተለወጠና ርቀቱ ካነሰ ደግሞ ትርጉሙ አንድ ነው፣ ግጭት። CPA ዜሮ።

«14 ኖት የራሳችን ፍጥነት ነው፣ እንግዲያው ያኛው ቆሞ ነው» እንዳትል። የቆመ ነገር ከፊትህ 35 ዲግሪ በቀኝ ከሆነ አንተ ስትሄድ እየተንሸራተተ ወደ ጎንህ፣ ከዚያም ወደ ኋላህ ይቀራል። ቤሪንጉ ይለወጣል። ይህ አልተለወጠም፤ ስለዚህ እየሄደ ነው። የራዳሩ ቬክተርም ያንኑ አለ፤ ኮርስ 087፣ 8 ኖት ከምናምን። ከምዕራብ ዳርቻ ወደ የመን የምትሻገር ጀልባ። በቀኛችን ስለሆነች መንገድ መልቀቅ ያለብን እኛ ነን።

በዐይን ፈለግኳት። በአጉሊው አጥብቄ ሳይ አንዲት ነጭ መብራት፣ እሷም ሞገዱ መሃል እየገባች የምትወጣ። ቀይ የጎን መብራት የለ፣ አረንጓዴ የለ። ኤአይኤስ ቢኖራት በቪኤችኤፍ እጠራት ይሆን ነበር። እንኳንም አልኖራት። በስም ተጠራርቶ «አንተ በዚህ፣ እኔ በዚያ» እያሉ የማይግባቡ ሁለት ሰዎች የሚያጠፉት ሦስት ደቂቃ ብዙ መርከብ አጋጭቷል። ሕጉ ያዘዘውን ማድረግ ይበልጣል።

02:18 ላይ ወደ ቀኝ 40 ዲግሪ አዞርኩ፣ ኮርስ 200። ለምን 40? አምስት ዲግሪ ብዞር ያኛው አያየኝም፣ የራዳሩም ሒሳብ ብዙ አይለወጥም። ያኔ ርቀቱ 3.1 ማይል ነበር። ከማዞሬ በፊት ራዳሩ ላይ ሞክሬው ነበር፤ CPA ከዜሮ ወደ 1.5 ማይል ገደማ ይወጣል፣ በ9 ደቂቃ አካባቢ፣ እሷ በግራችን እኛ ከኋላዋ። ወደ ግራ ብዞር ኖሮ ወደምትሄድበት አብሬያት ነበር የምሄደው።

ከዞርኩ በኋላ ራዳሩን ሦስት ደቂቃ አልነካሁትም፤ አዲሱን ቬክተር እስኪያረጋጋ። በዚያ መሃል የማምነው ቤሪንጉን ነበር። 195 የነበረው ወደ ግራ መንሸራተት ሲጀምር፣ 190፣ 184፣ ትንፋሼ መለስ አለ። በግራችን ስታልፍ በአጉሊው አየኋት። ሰው የሞላባት ነበረች። ከኦቦክ አካባቢ ወደ የመን የሚሻገሩ ወገኖቻችን ስንት እንደሆኑ ታውቃለህ፤ እነማን እንደነበሩ ግን አላወቅኩም። ያኔ የወጣኝን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

ስም ላይ የመጠመድ ነገር የእኔ ብቻ አይደለም። በኖቬምበር 8 ቀን 2018 ኖርዌይ ውስጥ በርገን አጠገብ «ሄልገ ኢንግስታድ» የተባለች የጦር መርከብና «ሶላ ቲኤስ» የተባለች ታንከር ተጋጭተዋል። የጦር መርከቧ ኤአይኤሷን መቀበል ብቻ እንዲሆን አድርጋ ነበር፤ አትልክም። ታንከሯ ላይ የነበሩት ሰዎች ነጥቧን ከነቬክተሯ ራዳር ላይ አይተዋታል። ስም ስላልነበራት ግን ማን እንደሆነች ከባሕር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ጠየቁ፤ እሱም መጀመሪያ አላወቃትም። ስሟ ታውቆ እስክትጠራ የቀረው ጊዜ አለቀ። በጦር መርከቧ በኩል ደግሞ የታንከሯ የዴክ መብራት ዳር ላይ የቆመ ነገር መስሏቸው ነበር። 04:01 ላይ ተጋጩ። 137ቱም የጦር መርከቧ ሰዎች ተርፈዋል፣ መርከቧ ግን በኋላ ሰጠመች። ታንከሯ ላይ ብሆን እኔም ስሟን እጠይቅ ይሆናል። የነጥቡ ቬክተር ግን ወደ እኔ እያመለከተ ነበር፤ መሪ ለመዞር ስም አይፈልግም።

ስለዚህ የትኛውን ልመን ላልከው የእኔ አሠራር ይህ ነው። «ማን ነው? ወዴት ሊዞር ነው? ደሴቱ ጀርባ ምን አለ?» ለሚለው ኤአይኤስን እጠይቃለሁ። «ይመታኛል ወይስ አይመታኝም?» ለሚለው ራዳሩን፣ ከዚያ ደግሞ መስኮቱን። ሁለቱ ከተስማሙ አንዱን ብቻ አያለሁ። ካልተስማሙ ራዳሩ የለካው ላይ ቆሜ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እፈልጋለሁ። ሁለቱን ራዳሮች ደግሞ አንድ ዓይነት አላደርጋቸውም፤ ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩን ለጀልባዎቹ 6 ማይል ላይ፣ ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩን ለትልልቆቹ 12 ማይል ላይ።

በሚቀጥለው ዋችህ ባሕሩ ጸጥ ሲል ሦስት መርከብ ምረጥ፤ አንድ ቅርብ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ሩቅ። የእያንዳንዱን ቤሪንግና ርቀት በራዳሩ መለኪያ ውሰድ፣ ቀጥሎ ኤአይኤስ የሚሰጥህን ቤሪንግና ርቀት ከጎኑ ወረቀት ላይ ጻፍ። ልዩነቱ በማይል እኩል ነው ወይስ በዲግሪ፣ ወይስ የአንዱ ብቻ? ባለፈው ሳምንት ያየኸውም ጊዜ ሌሎቹ መርከቦች በቦታቸው ነበሩ ወይ? ያን ካስታወስክ ቁጥሮቹን ላክልኝ፣ የማን ጂፒኤስ እንደነበር አብረን እናወጣዋለን።